«ፈረንጅ አነሳው» ካሉኝ በኋላ የቮይስሜይል ሰላምታዬን እንዴት እንደሠራሁት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው የምኖረው። ለክርስትና፣ ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለሙት ዓመት ምግብ አዘጋጃለሁ። ከእኔ ጋር የእህቴ ልጅ እና ሁለት ሴቶች አሉ። ቢሮ የለንም፣ ጸሐፊ የለንም። ያለን አንድ ስልክ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው እጄ ሊጥ ውስጥ ሲሆን ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማውቃቸው እናት ጠሩኝና «ደውዬልሽ ነበር እኮ የኔ ልጅ» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነበር፣ 60 ሰው ጠርተው ነበር። «መቼ እማማ? እኔ እኮ መልእክት አላገኘሁም» አልኳቸው። «ፈረንጅ አነሳው። ቁጥር ይቆጥራል። ተሳሳትኩ ብዬ ዘጋሁት። ሁለተኛም ደወልኩ፣ ያው ፈረንጅ ነው። ከዚያ ለሌላ ሰው ሰጠሁት» አሉኝ።

ፈረንጁ የስልክ ኩባንያው ማሽን ነው። የራሴን ሰላምታ ስላልቀዳሁ፣ ማሽኑ የእኔን ቁጥር በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ እየቆጠረ «ይህ ሰው አሁን የለም» ይላል። እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው እንኳ የማን ቤት እንደደረሰ አይነግረውም። ለእኒያ እናት ደግሞ «ተሳስተዋል» የሚል መልስ ነው። እኔ ግን ለሁለት ዓመት ያህል «ሰው ለምን መልእክት አይተውልኝም?» እያልኩ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ቀዳሁ። ያ የመጀመሪያው ጥሩ አልነበረም። አሁን ወዳለው ለመድረስ ወደ አራት ወር ፈጅቶብኛል፣ እየተሳሳትኩ እያረምኩ። እናንተም በቤታችሁ ትንሽ ሥራ ካላችሁ፣ ምግብም ይሁን ጽዳት፣ ታክስም ይሁን ልብስ ስፌት፣ እነዚያን አራት ወሮች እንዳትደግሟቸው ነው ይህን የምጽፈው።

የመጀመሪያው ቅጂ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር። ከኋላው የክራር ሙዚቃ ነበረው። «እንደምን ዋላችሁ ውድ ደንበኞቻችን» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ምን ምን እንደምንሠራ ይዘረዝራል፣ ሰዓታችንን ይናገራል፣ ድረ ገጻችንን ይናገራል፣ ሦስት ጊዜ ያመሰግናል፣ መጨረሻ ላይ መልእክት ይተዉ ይላል። ስቀዳው ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ስህተት ሞልቶበት ነበር። ከስህተቶቹ አብዛኞቹ ከአማርኛው ራሱ የሚመጡ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምክር ብታነቡ ስለነሱ አያስጠነቅቃችሁም። ስለዚህ በነሱ ልጀምር።

በመጀመሪያ ሰላምታው ራሱ። «እንደምን ዋላችሁ» ያልኩት ከሰዓት በኋላ ስለቀዳሁት ነው። ሰው ግን ጠዋት በሁለት ሰዓትም ይደውላል፣ ማታም ይደውላል። የእኛ ሰላምታ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ አደሩ፣ ዋሉ፣ አመሹ። ጠዋት ለደወለ ሰው «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ሰላምታው ለእሱ እንዳልሆነ ይነግረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። «ጤና ይስጥልኝ» በሉ። ጠዋትም ማታም ይሠራል፣ ለትልቅም ለትንሽም ይሆናል፣ አክብሮትም አለው። «ሰላም» ብቻ ማለትም ይቻላል፣ ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ለሚደውልበት ቤት ትንሽ ይደርቃል።

ቀጥሎ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ የሚለው ነገር አለ። የእህቴ ልጅ የቀዳችው አንዱ ቅጂ «መልእክትህን ወይም መልእክትሽን ተው ወይም ተዪ» የሚል ነበር። ጆሮ ያደክማል። «እናንተ» ደግሞ መጥፎ አይደለም፣ ግን አንድ ሰው ስልክ ይዞ ብቻውን ሲቆም ብዙ ሰው ውስጥ እንዳለ ያደርገዋል። ያስማማን «እርስዎ» ነው። ወንድ ሴት አይለይም፣ አንድ ሰው ነው የሚያናግረው፣ ያከብራል። «ይንገሩን»፣ «ይበሉት»፣ «እንደውልልዎታለን»። አንዳንዱ «እርስዎ» ሲባል ይርቃል፣ ይቀዘቅዛል ይላል። በጽሑፍ ሊሆን ይችላል። በድምፅ ግን ሙቀቱን የሚያመጣው አነጋገሩ ስለሆነ አይርቅም።

ከሁሉ የከፋው የሰዓቱ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ «ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንሠራለን» ብዬ ነበር። እኔ ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ማለትም እዚህ አገር ከጠዋቱ 9 እስከ 5 የሚባለው። አንድ ቀን ማታ፣ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ፣ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ተኝቼ ነበር። «ይቅርታ፣ ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ብላችሁ የለ እንዴ?» አለኝ። እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣ አማርኛው ጥሩ ነው፣ ሰዓቱን ግን የሚቆጥረው እንደ አገሩ ነው። ከቀኑ 3 እስከ ማታ 11 መስሎታል፣ እና ልክ ነው። ውጭ አገር ያለን ሰዎች ግማሻችን በአንዱ ግማሻችን በሌላው ነው የምንቆጥረው፤ አንድ ሰው እንኳ ከእናቱ ጋር ሲያወራ በአንዱ፣ ሥራ ቦታ በሌላው ነው። ስለዚህ አማርኛው ክፍል ውስጥ ሰዓት ጨርሶ ባትናገሩ እመርጣለሁ። ሱቅ ካላችሁና የግድ ከሆነ «በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት» በሉ፣ ሙሉውን። እኔ ግን ሱቅ የለኝም፤ የደወለው ሰው ማወቅ የሚፈልገው መቼ እንደምከፍት አይደለም፣ መቼ እንደምደውልለት ነው።

ይኼ ደግሞ ወደ ቀን ይወስደናል። «ዛሬ» የሚለው ቃል ሰላምታ ውስጥ አይገባም። ለፋሲካ «ዛሬ ለበዓል ዝግ ነን» ብዬ ቀድቼ ሦስት ሳምንት ረሳሁት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የደወለ ሁሉ ዛሬ ዝግ ነን ሲባል ነበር። የምርቃት ወቅት እየቀረበ ነበር፣ ስንት ሰው እንደጠፋ አላውቅም። ግን «ነገ» ይሠራል። ይህን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። «እስከ ነገ ማታ እንደውልልዎታለን» ብትሉ፣ ሰውየው ማክሰኞ ቢደውል ነገው ረቡዕ ነው፣ ቅዳሜ ቢደውል እሑድ ነው። ነገ ከሰሚው ጋር ይንቀሳቀሳል። ድሮ «ወዲያውኑ እንደውላለን» እል ነበር፣ ግን ወዲያው አልደውልም ነበር፤ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ከሆንኩ እስከ እኩለ ሌሊት አልጨርስም። «እስከ ነገ ማታ» ግን ልጠብቀው የምችለው ቃል ነው። ቅዳሜ የተተወልኝን እሑድ ማታ እደውላለሁ። እናንተም የምትችሉትን ጊዜ ተናገሩ፣ ከዚያ በላይ አትናገሩ። ቃላችሁን የሚፈትነው ሰው ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቋንቋዎች። ከሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ሐበሾች ናቸው። ግን የቢሮ ምሳ የሚያዙ፣ ኢትዮጵያዊ ያገቡ፣ ሐበሻ ጎረቤት ያላቸው አሜሪካውያንም ይደውላሉ። መጀመሪያ አማርኛውን ሙሉ፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን ሙሉ አድርጌ ነበር። አንድ ደንበኛ «ስደውል የማላውቀው ቋንቋ ብቻ ሰማሁ፣ የተሳሳተ ቁጥር መስሎኝ ዘጋሁ» አለችኝ። እማማ በእንግሊዝኛ የገጠማቸው እሷን በአማርኛ ገጠማት። ገለበጥኩትና እንግሊዝኛውን አስቀደምኩ፤ ያኔ ደግሞ እማማዎቹ ይዘጋሉ። ሰው ትክክለኛ ቦታ መድረሱን ለማወቅ ብዙ አይታገስም፤ የእኔ ግምት ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም።

ያስተካከለው ነገር ይህ ነው። ጤና ይስጥልኝ፣ የቤቱ ስም፣ ከዚያ ወዲያው አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፤ የኢትዮጵያ ምግብ አዘጋጆች መሆናችንንና የእንግሊዝኛው መልእክት እንደሚከተል የሚናገር። ከዚያ አማርኛው፣ ከዚያ እንግሊዝኛው። የቤቱ ስም በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፣ ስለዚህ አንዴ ከተባለ ለሁለቱም ይበቃል። አማርኛ ሰሚው ወዲያው ቋንቋውን ሰምቷል፣ እንግሊዝኛ ሰሚውም እንደሚደርሰው አውቋል፣ ሁለቱም ይቆያሉ።

እንግሊዝኛውን ማን ይናገረው በሚለው ከእህቴ ልጅ ጋር ተከራክረናል። «አክስቴ፣ እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት፣ እኔ ልቅዳው» አለችኝ። አነጋገሯ ያምራል፣ እውነት ነው። ግን መልሶ የሚደውለው እኔ ነኝ። ሰውየው አንድ ድምፅ ሰምቶ መልእክት ትቶ፣ በማግስቱ ሌላ ድምፅ ሲደውልለት ማን እንደሆነ እንደገና ማስረዳት አለብኝ። የእኔ እንግሊዝኛ የሐበሻ ነው፣ ግን ቀስ ብዬ ስናገር ይሰማል። ስለዚህ ሁለቱንም እኔ ቀዳሁት። እሷ ያደረገችው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ማሳጠር ነው፤ እኔ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልኩትን በአንድ አደረገችው።

የአማርኛው ጽሑፍ አሁን እንዲህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ይህ (የቤቱ ስም) ምግብ ዝግጅት ነው።» እዚህ ላይ ያ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይገባል። «አሁን ስልኩን ማንሳት አልቻልንም። የዝግጅቱን ቀን ይንገሩን። ስንት ሰው እንደሚኖር ይንገሩን። ከዚያ ስምዎንና ስልክ ቁጥርዎን፤ ቁጥሩን እባክዎ ሁለት ጊዜ ይበሉት። እስከ ነገ ማታ እንደውልልዎታለን። ከድምፁ በኋላ ይናገሩ፣ እናመሰግናለን።»

ይኼው ነው። ቀስ ተብሎ ሲነገር 20 ሰከንድ ያህል ነው። እንግሊዝኛው ሲጨመር ሁሉም ከ35 ሰከንድ አያልፍም። ከ1 ደቂቃ ከ20 ወደዚህ ነው የመጣሁት።

ምን ወጣ? የምግቡ ዝርዝር ወጣ፤ የደወለው ሰው ምን እንደምንሠራ አውቆ ነው የደወለው። የእኛ ቁጥር ወጣ፤ አሁን ደውሎበታል። ድረ ገጹም ወጣ፣ ማንም ከስልክ ሰምቶ አይጽፈውም። «ምግብ እያዘጋጀን ስለሆነ» የሚል ነበር፣ ደስ ይላል፣ ግን ሌሊት ለሚሰማው እውነት አይደለም፣ ወጣ። «ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት ይዘዙ» የሚልም ነበር፤ አንድ ሰው «ሰባ ቀን ነው የምትሉት?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰባት «ት» በስልክ ትጠፋለች። ይህ ግድ ከሆነባችሁ «አንድ ሳምንት» በሉ።

የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተልም ታስቦበት ነው። በፊት ስምና ስልክ መጀመሪያ ነበር፣ እንደ ፎርም። ሰው ግን ሲደውል አፉ ላይ ያለው ጉዳዩ ነው፤ «ለልጄ ምርቃት ነበር» ብሎ መጀመር ይፈልጋል። ስሙን መጀመሪያ ስንጠይቀው ጉዳዩ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ይረሳል። ጉዳዩን መጀመሪያ ከተቀበልነው ግን ስልኩ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እና የመጨረሻ ነገር ይታወሳል። ሁለት ጊዜ ይበሉት የሚለውም ምክንያት አለው። «ቁጥሩ ስልኩ ላይ ይታያል» ትሉ ይሆናል። ብዙ ሰው ግን ከሥራ ቦታ ወይም በልጁ ስልክ ይደውላል። ሲግናሉ ሲቆራረጥ ደግሞ ከአሥሩ ቁጥሮች አንዷ ትዋጣለች፤ ሁለተኛው ዙር ያችን ይመልሳታል።

ጽሑፉ ይህን ያህል ነው። አሁን ድምፁ።

ስልክ ድምፅን ሙሉ አያስተላልፍም። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች እርስ በርስ ሲደዋወሉ ከዚያ የተሻለ ያሳልፋሉ፣ ግን የሚደውለው ሰው ምን እንደያዘ አታውቁም። የ«ሰ» እና የ«ፈ» ድምፅ ጥራቱ ብዙው ከዚያ ወሰን በላይ ስለሆነ ይቆረጣል። ለዚህ ነው በስልክ «ስ» እና «ፍ» የሚምታቱት። ሙዚቃም በዚያ ጠባብ መስመር ሲያልፍ ይበላሻል፤ መስመሩ የተሠራው ለንግግር ነው። ክራሩ በእኔ ቤት ሲሰማ ጥሩ ነበር፣ በስልክ ግን ውሃ ውስጥ የሚደረደር ይመስል ነበር፣ ድምፄንም ሸፈነው። አወጣሁት፣ አልጸጸተኝም።

የአማርኛ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው። ስንናገር ድምፃችን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እየወረደ እየወረደ ይሄዳል። ፊት ለፊት ችግር የለውም። በስልክ ግን የወረደው ድምፅ ይጠፋል፣ እና የጠፋው ግሱ ነው፤ ሰውየው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገረው ቃል! «የዝግጅቱን ቀንና የእንግዶቹን ብዛት እንዲሁም ስምዎን እና አድራሻዎን...» ብዬ ትንፋሼ አልቆ «ይተዉልን» የሚለው በሹክሹክታ ነበር የወጣው። ለዚህ ነው አሁን ያለው ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑት፣ «ይንገሩን» የሚለውም ሁለት ጊዜ የተደገመው። ስትቀዱ እያንዳንዱን ግስ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ይዛችሁ ሂዱ። ትንፋሽ ወስዳችሁ ቀጥሉ። ትንፋሻችሁ ቢሰማም ግድ የለም፣ ሰው መሆናችሁን ነው የሚናገረው።

ሌላው የምንሮጥበት ቦታ የቤታችን ስም ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ስለምንለው ሦስቱን ቃል እንደ አንድ እንጨፈልቀዋለን። ለሰሚው ግን አዲስ ነው። ከስሙ በፊት ትንሽ ቆም፣ ስሙን ቀስ፣ ከስሙ በኋላ ትንሽ ቆም።

የት ልቅዳ የሚለው ብዙ አስቸግሮኛል። ወጥ ቤት ሞከርኩ፤ የፍሪጁ ድምፅ አለ። እኛ ለምደነው አንሰማውም፣ ስልኩ ግን ይሰማዋል። መታጠቢያ ቤት ሞከርኩ፤ ጸጥ ይላል ግን ግድግዳው ሸክላ ነው፣ ድምፅ ይመልሳል፣ ገደል ውስጥ እንዳለሁ ሆነ። የሠራልኝ የልብስ ቁም ሣጥኑ ነው፣ እዚህ አገር ሰው ገብቶ የሚቆምበት ዓይነት። ካፖርት፣ ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ ጨርቅ ድምፅን ይውጣል። በሩን ዘግቼ፣ የቤቱን ማሞቂያ ለአምስት ደቂቃ አጥፍቼ ቀዳሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌላችሁ የቆመ መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ጥሩ ነው።

ስልኩን በእጃችሁ ያዙ፤ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ የጠረጴዛው ድምፅ ይገባል። ማይኩ ያለው ከታች በኩል ነው፤ ሰው ግን ስክሪኑን እያየ ነው የሚናገረው። ታቹን ወደ አፋችሁ አድርጉ፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት፣ ትንሽ ወደ ጎን። ከዚያ ከቀረበ «ጤና» ስትሉ «ጤ»ዋ ጠጠር እንደወደቀ ትመታለች። ከራቀ ክፍሉ ይሰማል። በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ አትቅዱ፣ የድምፁን ጥራት ይቀንሳል።

ቁሙ። ተቀምጣችሁ ጎብጣችሁ ስትናገሩ ድምፁ ይታፈናል። እና ፈገግ በሉ። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ወሬ ነበር የሰማሁት፣ ግን ምክንያት አለው። ፈገግ ስንል ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል፣ አፍ ከፊት ያጥራል፣ ድምፁ ብሩህ ይሆናል። ሁለቱን ቀድታችሁ ብትሰሙ ልዩነቱን ትለያላችሁ። እኔ ግን ባዶ ግድግዳ እያየሁ ፈገግ ማለት አልሆነልኝም። የሆነልኝ እኒያን እናት በሐሳቤ አስቀምጬ ስናገር ነው። «የዝግጅቱን ቀን ይንገሩን» ስል ለእሳቸው ነው ያልኩት። ማንበቡም ቀረ። ጽሑፉን አራት አምስት ጊዜ ጮክ ብዬ ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን ገልብጬ ነው የተናገርኩት። አንድ ቃል ብትቀየር ምንም አይደለም፤ የሚነበብ ነገር ከሩቁ ያስታውቃል።

አይፎን ላይ አቀዳዱ ቀላል ነው። የስልኩን ምልክት ትከፍታላችሁ፣ Voicemail የሚለውን ትነካላችሁ፣ Greeting ውስጥ ትገባላችሁ፣ Custom ትመርጣላችሁ፣ Record ብላችሁ ትቀዳላችሁ፣ Play ብላችሁ ትሰማላችሁ፣ መጨረሻ Save። እኔ Save ሳልል ወጥቼ የጠፋብኝ ቅጂ አለ። አቀማመጡ ከስልክ ስልክ ትንሽ ቢለይም ቃላቱ እነዚህ ናቸው። ሌላ ስልክ ከሆነ ብዙ ጊዜ 1 ቁጥርን ተጭኖ በመያዝ ወደ ቮይስሜይሉ ይደወላል፣ ከዚያ ማሽኑ የሚላችሁን መከተል ነው። እዚያ ስማችሁን ብቻ እንድትቀዱ የሚጠይቅ ምርጫ ካለ ተጠንቀቁ። እሱን ከመረጣችሁ ያው ማሽን መሃል ላይ ስማችሁ ብቻ ይገባል፣ እማማ እንደገና ፈረንጅ ይሰማሉ።

Record ከነካችሁ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁ። የእኔ ሁለተኛ ቅጂ «...ና ይስጥልኝ» ብሎ ነበር የሚጀምረው፤ «ጤ» ተቆርጣለች። ስትጨርሱም ወዲያው አትዝጉ፣ ግማሽ ሰከንድ ቆዩ። ከዚያ በላይ ግን ዝም አትበሉ፤ ረጅም ጸጥታ ካለ ሰው ድምፁ ያለፈ መስሎት መናገር ይጀምራል፣ የመጀመሪያ ቃላቱም አይቀዱም። አንድ መልእክት «...ቀን ለ45 ሰው» ብሎ ሲጀምር ነው ይህን ያወቅሁት።

ስንት ጊዜ ልቅዳ? እኔ በአንድ ማታ አሥራ አንድ ጊዜ ቀዳሁ። የተጠቀምኩት አራተኛውን ነው። ከስድስተኛው በኋላ ድምፄ ደርቆ ነበር፣ እየደጋገምኩት ቃላቱም ትርጉም አጡብኝ። አሁን ከአምስት አላሳልፍም። አምስቱም ካልሆኑ በማግስቱ።

ከተቀዳ በኋላ ስልኩ ላይ Play ብሎ መስማት አይበቃም። ያ ከመስመሩ በፊት ያለ ድምፅ ነው። በሌላ ሰው ስልክ ደውሉና አታንሱት። የራሳችሁን ቁጥር ከራሳችሁ ስልክ ብትደውሉ ወደ መልእክት ሣጥኑ ሊያስገባችሁ ስለሚችል የሌላ ሰው ስልክ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ መኪና እያለፈ ስሙት። ብዙ ደንበኛ የሚደውለው መንገድ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ሆኖ ነው።

ከዚያ በጣም የጠቀመኝን ላንሳ። የእህቴ ልጅ ጓደኛ፣ ሥራዬን የማታውቅ ልጅ፣ እንድትደውልና የሰማችውን በወረቀት እንድትጽፍ አደረግን። አንዴ ብቻ። የቤቱን ስም በትክክል ጻፈች፣ ቀን፣ ስም፣ ስልክ ሁለቴ፣ ነገ ማታ። የሰው ብዛት የለም። «ስንት ሰው የሚል ሰምተሻል?» አልኳት። «አልሰማሁም እትዬ» አለችኝ። ተመልሼ ሳዳምጥ «የዝግጅቱን ቀንና የእንግዶቹን ብዛት» ብዬ አያይዤው ነበር፣ «ብዛት» ወርዶ ጠፍቷል። ለዚያ ነው አሁን ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች የሆኑት። እኔ መቶ ጊዜ ብሰማው አላገኘውም ነበር፤ ምን እንዳልኩ ስለማውቅ ጆሮዬ ይሞላዋል።

ከቀዳችሁ በኋላ የሚቀረው ጥበቃው ነው። ስልክ ስቀይር ሰላምታዬ ጠፍቶ ወደ ማሽኑ ተመልሶ አገኘሁት፣ ማንም አልነገረኝም። አሁን በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ በእህቴ ልጅ ስልክ እደውላለሁ። ያኔ ሁለት ነገር ነው የማየው፤ ሰላምታው የእኔ መሆኑን፣ እና ሣጥኑ ሞልቷል እንዳይል። የቆዩ መልእክቶችን ካላጠፋችሁ ሣጥኑ ይሞላል፣ ከዚያ ጥሩው ሰላምታ ተሰምቶ አልቆ ሰውየው መልእክት መተው አይችልም። ለበዓል የተለየ ከቀዳሁ ደግሞ የምመልስበትን ቀን ስልኬ ላይ ማስታወሻ አድርጌ ነው የምቀዳው፣ ከመቅዳቴ በፊት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ መልእክቱን ወደ ጽሑፍ ሲቀይር አትመኑት። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ጆሮ ሰምቶ ትርጉም የሌለው ነገር ይጽፋል። በዓይኔ አይቼ የማይረባ ጥሪ ነው ብዬ ልሰርዘው የነበረ መልእክት የሰርግ ትዕዛዝ ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉንም በጆሮ ስሙ።

ባለፈው ወር እኒያ እናት እንደገና ደወሉ። እኔ ሰርግ ላይ ነበርኩ፣ አላነሳሁም። እሑድ ማታ መልእክቱን ከፈትኩት። «እኔ ነኝ የኔ ልጅ። ዛሬስ አንቺ ነሽ፣ ድምፅሽን አወቅሁት። የባለቤቴ ሙት ዓመት ነው፣ የሚመጣው ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሰው አርባ ይሆናል፣ የጾም ይሁን» አሉ። ከዚያ ስማቸውን ተናገሩ፣ ቁጥራቸውን ቀስ እያሉ ቆጠሩ፣ ትንሽ ዝም አሉና «ሁለት ጊዜ ይበሉት ብለሽ የለ፣ እደግመዋለሁ» ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።